እፎይታው ለማን ነው?

ልጅ ሆኜ እናቴ ከሰፈራችን ባለሱቅ ስኳርና ሳሙና በዱቤ ታስመጣኝ ነበር። ባለሱቁ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለው፤ ስማችንን ፈልጎ ያገኝና በእርሳስ ጫር ያደርጋል። ሂሳቡ የሚዘጋው አባቴ ደሞዝ በተቀበለ ማግስት ነው። ደሞዙ ከዘገየ ባለሱቁ ፊቱን ያጠቁራል፤ በጣም ከቆየ ደግሞ “ለእማማ ሰላም በልልኝ” ይላል፤ የሰላምታው ትርጉም ለሁላችንም ግልጽ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። የግማሽ ኪሎ ስኳር ዋጋ ከሦስት ሳምንት በኋላም ያው የግማሽ ኪሎ ስኳር ዋጋ ነው።

ይህችን የዱቤ ትምህርት ይዤ ነው እንግዲህ አሜሪካ የገባሁት። እዚህ ቨርጂኒያ ኑሮ ከጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ባንክ ክሬዲት ካርድ ላከልኝ። ቤንዚን እቀዳበታለሁ፣ አስቤዛ እገዛበታለሁ፣ በወሩ መጨረሻ የመጣውን ሂሳብ እንዳለ እከፍላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም ወለድ ከፍዬ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ይህን የማደርገው አውቄ አልነበረም። የምገዛው ትንሽ ስለነበረ ነው። ሰው ግን ሳያውቅ የተሳካለትን ነገር ሁሉ እንደ ብልህነቱ ይቆጥረዋል፤ እኔም “ካርድ ለሚያውቅበት ሰው ነፃ ገንዘብ ነው” እያልኩ ለአዲስ መጪዎች ምክር እሰጥ ነበር። የሰሙኝ ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። እናቴ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ያን ጊዜ ዋጋ የሚያወዳድር የለም። ማርች 15 ቀን 1,460 ዶላር የሆነ ቲኬት በካርዱ ቆረጥኩ። እናቴን አየሁ፣ ተሻላቸው፣ ተመለስኩ። ኤፕሪል 10 የካርዱ ሂሳብ ሲዘጋ ከቲኬቱ ሌላ የቤት ወጪ 540 ዶላር ተጨምሮ ልክ 2,000 ዶላር መጣ። በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገሮች በትልልቁ ተጽፈዋል። ስቴትመንት ባላንስ፦ 2,000። የመክፈያው ቀን፦ ሜይ 5። ሚኒመም ፔይመንት፦ 40 ዶላር። ዓይኔ ሦስተኛዋ ላይ አረፈ። አርባ ዶላር! ባንኩ ራሱ “ለጊዜው አርባ ይበቃኛል” እያለኝ ለምን እጨነቃለሁ? ቁጠባ ሂሳቤ ውስጥ 1,100 ዶላር ነበረኝ፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ አልኩ። ሜይ 3፣ ማለትም ከቀኑ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ፣ አርባዋን ከፍዬ እንደ ጨዋ ተበዳሪ እንቅልፌን ተኛሁ።

ሜይ 10 የመጣው ወረቀት ላይ “ወለድ፦ 44 ዶላር ከ58 ሳንቲም” ይላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። አርባ ከፍዬ አርባ አራት ተጨመረብኝ ማለት ነው። በቀኑ አልከፈልኩም እንዴ? ለባለቤቴ ልንገራት ብዬ ተውኩት። ገና ካርዱን ያወጣሁ ጊዜ “ይሄ ነገር አንድ ቀን ያስለቅስሃል” ያለችኝ እሷ ናት፤ ቃሏ እንዲፈጸም የማገዝ ፍላጎት አልነበረኝም። በዚያ ወር የተገዛው የ600 ዶላር አስቤዛና ቤንዚን ተደምሮ ዕዳዬ 2,604 ዶላር ከ58 ሆነ። ሚኒመሟም አድጋ 71 ዶላር ገደማ ሆናለች፤ የመክፈያው ቀን ጁን 5።

ጁን 5 ሳልከፍል አለፈ። ረስቼው አይደለም። የምጠብቀው ደሞዝ ጁን 9 ስለነበረ ነው። “ግሬስ ፔሬድ አለው” ብዬ ተማመንኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የቤት ኪራይ ውላችን ላይ ኪራይ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ይከፈላል ይልና፣ እስከ አምስተኛው ቀን ግን ግሬስ ፔሬድ ስላለ ቅጣት የለም ይላል። የካርዱም ውል ላይ ያው ቃል ተጽፏል። ግሬስ ማለት ምህረት፣ ጸጋ ነው። በአገራችን የባንክ አማርኛም “የእፎይታ ጊዜ” እንለዋለን። ቃሉ አንድ ከሆነ እፎይታውም አንድ ይሆናል ብዬ አራት ቀን እፎይ አልኩ።

ጁን 9 በስልኬ ሂሳቡን ስከፍት የ30 ዶላር የመዘግየት ቅጣት ተለጥፏል። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሁት ናት። ስምንት ዓመት አንድም ቀን እንዳላዘገየሁ አየችና “ይህንን አነሳልሃለሁ” አለች። ሳላመሰግናት አልቀረሁም። ወዲያው ግን ስግብግብነት መጣና “ወለዱንስ?” አልኳት። “ወለዱ ቅጣት አይደለም” አለችኝ። “ያዘገየኸው ቅጣት አስከተለብህ። ወለዱ ግን ባታዘገይም የሚመጣ ነው።”

ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

ጋሼ የሰፈሩን ሐበሻ ግማሹን ታክስ የሚሠሩ፣ አዲስ አበባ እያሉ ለረጅም ዘመን የሂሳብ ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ቡናቸውን ይዘው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደሩ። ከዚያም አንድ የተከፈተ ፖስታ ገልብጠው ጀርባው ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ።

“ይሄውልህ፣ ወር” አሉ። “የአንተ ካርድ ወሩ የሚጀምረው በ11 ነው፤ የሚዘጋው በቀጣዩ ወር 10 ላይ ነው። በተዘጋ በ25 ቀን ገደማ፣ በ5 ክፈል ይልሃል። እፎይታ የምትለው የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።”

ከ5 በኋላ ያለውን ቦታ በጣቴ ነካሁ።

“አይደለም” አሉና እስክሪብቶውን ከመክፈያው ቀን በፊት ባለው መስመር ላይ አስሮጡት። “ይኼ ነው። ሂሳቡ ከተዘጋበት እስከ መክፈያው ቀን ያለው። የቤት ኪራዩ እፎይታ ከቀኑ በኋላ ነው፤ የካርዱ ከቀኑ በፊት ነው። ከ5 በኋላ ያለው ገደል ነው!”

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሕጉ ካርድ ሰጪው ሂሳቡን ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ እንዲልክ ያስገድደዋል። እፎይታ የሚሰጥ ባንክ እንግዲህ ከዚያ ያነሰ ሊሰጥ አይችልም። እፎይታ ጨርሶ እንዲሰጥ ግን አይገደድም። ስለዚህ እፎይታው ባንኩ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጠው ነገር ነው፤ ቅድመ ሁኔታውም አንድ ነው። ስቴትመንት ባላንስ የሚለውን ቁጥር በሙሉ፣ እስከ ቀኑ ድረስ መክፈል። ያን ጊዜ ማርች 15 የተገዛ ቲኬት እስከ ሜይ 5 ድረስ፣ ሃምሳ አንድ ቀን ሙሉ፣ ያለ አንዳች ወለድ ይቀመጥልሃል። ስምንት ዓመት ያገኘሁት “ነፃ ገንዘብ” ይህ ነበር።

“ታዲያ አርባዋን መክፈሌ ምን አደረገልኝ?” አልኳቸው።

“ከቅጣት አዳነችህ። ስምህን ከመጥፎ መዝገብ አዳነች። በቃ። እፎይታን የምትገዛው ሁለት ሺዋ ናት፤ አርባዋ የምትገዛው የቅጣት ማለፊያ ብቻ ነው። አንተ በአርባ ዶላር ሁለቱንም የገዛህ መስሎህ ነበር።”

ከዚያ 44 ዶላር ከ58ቱ ከየት እንደመጣ በፖስታው ላይ ፈቱት። የካርዴ ወለድ በዓመት 24 ከመቶ ነው። በ365 ቀን ሲካፈል፣ በአንድ ሺህ ዶላር ላይ በየቀኑ 66 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። ከሁለት ሺው አርባውን በቀኑ ስለከፈልኩ በአርባዋ ላይ ወለድ መቁጠር ሕጉ ይከለክላል። በቀረው 1,960 ላይ ግን አዲሱ የሂሳብ ወር ከገባበት ከኤፕሪል 11 ጀምሮ ለሠላሳ ቀን ተቆጠረ፤ 38 ዶላር ከ66።

“ስድስት ዶላር ይጎድላል” አልኩ።

“እሷን ነው ማንም የማያያት” አሉ ጋሼ፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ። “በዚያው ወር የገዛኸው ወተት፣ እንቁላል፣ ቤንዚን አለ አይደል? ስድስት መቶ ዶላር። ዱሮ ይሄ በነፃ ነበር የሚቀመጥልህ። እፎይታውን ስታጣ ለቲኬቱ ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ለሚቀጥለው ዕቃ ሁሉ ነው። ካሼሯ ካርድህን ካንሸራተተችበት ቀን ጀምሮ ወተቱ ወለድ ይወልዳል።” በአማካይ አሥራ አምስት ቀን ብንቆጥር በ600 ዶላር ላይ 5 ዶላር ከ92 ሳንቲም። ሁለቱ ሲደመሩ 44 ከ58።

ዝም አልኩ። በሕይወቴ ወተት ሲወልድ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

ቀጠሉና ቁጠባ ሂሳቤ ውስጥ ምን ያህል እንደነበረ ጠየቁኝ። ስነግራቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። “አርባ በመክፈልና ሺህ አንድ መቶ በመክፈል መካከል ልዩነት የለም ብለህ ነው? ሁለቱም እፎይታውን አያስመልሱልህም፤ እሱ ልክ ነህ። ወለዱ ግን በየቀኑ ባለው ዕዳ ነው የሚታሰበው። አንድ ሺህ ስድሳዋ ብር ቁጠባ ውስጥ ተኝታ በቀን 70 ሳንቲም ስታስከፍልህ ነበር።” (ጋሼ ዶላርን አንዳንዴ ብር ይሉታል፤ ሲናደዱ።) ክፉ ቀን ይመጣል ብዬ ያስቀመጥኳት ገንዘብ ክፉ ቀኑን ራሷ ስትከፍል ከርማለች። ሁሉንም አውጣ ማለታቸው እንዳልሆነ ነገሩኝ፤ ሥራ ቢቋረጥ የቤት ኪራይ በካርድ አይከፈልም። ግን ግማሿ እንኳ ብትሄድ፣ ያውም እስከ 5 ሳትጠብቅ ቀደም ብላ፣ ወለዱ በዚያው ቀን ይቀንስ ነበር። ሙሉ መክፈል ለማይችል ሰው የመክፈያው ቀን ትልቅ ትርጉም የለውም፤ ገንዘቡ እጁ የገባበት ቀን ነው መክፈያው። አስቤዛውንም እፎይታው እስኪመለስ በሌላ ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ መግዛት ነበረብኝ።

የሜይን ወረቀት አንስተው ከታች በኩል ያለች፣ እኔ ማስታወቂያ መስላኝ ያለፍኳትን ሳጥን አሳዩኝ። ይህች ሳጥን እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የክሬዲት ካርድ ሕግ ያመጣት ናት። ከ2010 ጀምሮ በእያንዳንዱ ወርሃዊ ሂሳብ ላይ ትታተማለች። ሌላ ምንም ሳትገዛ ሚኒመሙን ብቻ ብትከፍል ዕዳህ በስንት ዓመት ያልቃል፣ በጠቅላላው ስንት ትከፍላለህ የሚለውን ባንኩ በራሱ አፍ እንዲናገር ታስገድደዋለች። የእኔዋ ለ2,604 ዶላር “10 ዓመት፤ ወደ 6,000 ዶላር” ትላለች።

“አሥር ዓመት? በየወሩ 71 እየከፈልኩ?”

“71 አትከፍልማ። ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው።” ሚኒመሙ የሚሰላው የዕዳው አንድ ከመቶ ሲደመር የወሩ ወለድ ነው፤ ከ40 ዶላር ግን አይወርድም። (የሌሎች ባንኮች ቀመር ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ጠባዩ ግን ተመሳሳይ ነው።) ከዚህ ወር 71 ዶላር ውስጥ 45ቱ ወለድ ነው፤ ዕዳው ላይ ያረፈው 26 ብቻ ነው። ዕዳው ሲቀንስ ሚኒመሙም አብሮ ይቀንሳል፤ 71 የነበረው 70፣ ከዚያ 69 እያለ ይወርዳል። ሰውዬው እየቀለለት የመጣ ይመስለዋል፤ ዕዳው ግን እየቀጠነ ዕድሜው ይረዝማል። ጋሼ የሒሳብ ማሽናቸውን አወጡና ሌላ ነገር አሰቡልኝ። ሚኒመሙ ቢወርድም ባይወርድም እኔ 71ን ሳልቀንስ በየወሩ ብከፍል አሥሩ ዓመት ወደ አምስት ዓመት ተኩል ይወርዳል። በመጀመሪያው ወር ከከፈልኩት አንዲት ሳንቲም ሳልጨምር! ሳጥኗ ደግሞ ሌላ ቁጥር ትሰጣለች፤ በየወሩ 102 ዶላር ገደማ ብትከፍል በሦስት ዓመት ትጨርሳለህ ትላለች፤ ድምሩም 3,700 አይሞላም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ላይ ሂሳቡ በራሱ እንዲከፈል የሚያደርግ ምርጫ አለ። “ራሱ ይከፍልልኛል” ብለው የሚኮሩ ጓደኞቼን ቆይቼ ጠየቅኳቸው። ሁለቱ ሚኒመሙ ላይ ነው ያስተካከሉት። አንዱ ሦስት ዓመት እንዲህ ሲከፍል ኖሯል፤ ቅጣት ስለማይመጣበት ምንም አልጠረጠረም። ሚኒመም ከሚለው ጋር ስቴትመንት ባላንስ የሚል ምርጫም አለ፤ የሚፈለገው እሱ ነው።

ስለ ቅጣቱ ራሱ ብዙ የሚወራውን ያህል አልነበረም። በ2023 ትልልቆቹ ባንኮች ለመጀመሪያ ጊዜ 30፣ በስድስት ወር ውስጥ ከተደገመ 41 ዶላር ድረስ ያስከፍሉ ነበር፤ ሆኖም ቅጣቱ ከሚኒመሙ ሊበልጥ አይችልም። በማርች 2024 የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ለትልልቆቹ ባንኮች ቅጣቱን ወደ 8 ዶላር የሚያወርድ ደንብ አወጣ። የባንኮች ማኅበራትና የንግድ ምክር ቤቱ ከሰሱና ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል ታገደ፤ በኤፕሪል 2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። አራት ቀን መዘግየቴ ለክሬዲት መዝገብ አልደረሰም፤ ወደዚያ የሚላከው ሠላሳ ቀን ሲያልፍ ነው። ስድሳ ቀን ቢያልፍ ግን ባንኩ በነበረው ዕዳ ላይ እንኳ ወለዱን ከፍ ማድረግ ይችላል። ሰው የሚናደደው በ30 ዶላሩ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስለሚለጠፍ ይታያል። ደውሎ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ ይነሣለታል። ወለዱ ግን በቀን አንድ ዶላር ከሰባ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል።

ጁን 10 የተዘጋው ሂሳብ ላይ ቅጣቱ ተነሥቷል፤ ወለዱ ግን 53 ዶላር ሆኗል። ምንም አልገዛሁበትም፤ ካርዱን ጋሼ ጋ ከመሄዴም በፊት መሳቢያ ውስጥ ወርውሬዋለሁ። ዕዳዬ 2,586 ዶላር ከ58 ነው። በጁላይ መጀመሪያ ላይ የዕቁብ ዕጣ ደረሰኝ። የእናቴን ቤት ጣሪያ ላስቀይርበት ያሰብኩት ገንዘብ ነበር። ለባለቤቴ ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቶቹን ተራ በተራ አየችና “ከመጀመሪያው ብትነግረኝ የእኔን ቁጠባ እንጨምር ነበር” አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጁላይ 5 ቀን 2,586 ከ58ን እስከ ሳንቲሟ ከፈልኩ። ስልኬ ላይ ዜሮ አየሁ። የጣሪያው ነገር ለክረምቱ ሳይደርስ ቀረ፤ ለእናቴ በስልክ ሳስረዳ “ልጄ፣ ላስቲክ እንወጥርበታለን” አሉኝ።

እናላችሁ፣ ጁላይ 12 የባንኩ ፖስታ መጣ። ዜሮ ስለሆንኩ ሳልከፍተው ልጥለው ስል ባለቤቴ ተቀበለችኝና ቀደደችው። “40 ዶላር ከ82 ይላል” አለች።

ጋሼ ጋ ስደውል ሳልጨርስ ሳቃቸው ተሰማኝ። “ጅራቷን ረስቼ አልነገርኩህም!” አሉ። ሂሳቡ የተዘጋው ጁን 10 ነው። እኔ የከፈልኩት ጁላይ 5 ነው። እፎይታ ስለሌለኝ በመካከል ያሉት ሃያ አራት ቀናት ወለድ ሲቆጥሩ ነበር። ወረቀቱ ላይ የነበረው ቁጥር ጁን 10 የነበረውን ዕዳ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ገና አልተጻፈም። ተንከባላይ ዕዳ ያለበት ሰው “ጨረስኩ” ባለ ማግስት ይህች ጅራት ትመጣበታለች። ብዙ ሰው የሚወድቅባትም ዜሮ ነኝ ብሎ ፖስታውን ስለማይከፍት ነው። የጅራቷ ሚኒመም ቀኑ ያልፋል፣ በ40 ዶላር ወለድ ላይ 30 ዶላር ቅጣት ይደረብባታል፤ ሠላሳ ቀን ካለፈ ደግሞ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ዕዳውን በከፈለ ሰው ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመክፈልህ በፊት ለባንኩ ደውለህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ዛሬ ሂሳቡን ለመዝጋት የሚያስፈልገውን ቁጥር መጠየቅ። ካልሆነም የሚቀጥሉትን ሁለት ፖስታዎች ሳይከፍቱ አለመጣል።

አርባዋን ከ82 በዚያው ቀን ከፈልኩ። ከሦስቱ ወር ወለድ ጋር ድምሩ 138 ዶላር ከ40 ሆነ። የቲኬቱ ዋጋ 1,460 ነው ብዬ ለሰው ስናገር ጋሼ “ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሁለት ብር ጉድለት” ብለው ያርሙኛል፤ ወተቱንም እዚያው ላይ ይጨምሩበታል።

እፎይታው መመለሱን ለማረጋገጥ ደግሜ ደወልኩ። ሌላ ሰው ነው ያነሣው። በእነሱ ውል መሠረት ሁለት ተከታታይ ሂሳብ በሙሉ በቀኑ ከተከፈለ እፎይታው ይመለሳል አለኝ፤ የጁኑ አንድ፣ የጅራቷ ሁለት። ኦገስት 10 የተዘጋው ወረቀት ላይ ወለድ በሚለው ትይዩ 0.00 ተጽፏል። ለባለቤቴ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ሳጥኗን ሳይቀር። ከዚያም ከጋሼ ፖስታ ጋር አድርጋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

ካርዱን ከመሳቢያ ያወጣሁት በሴፕቴምበር ነው፤ ቤንዚን ልቀዳበት።